ከኢንተግራሉ በፊት ስምንት ቁጥሮች

በቤት ስልክ ላይ 5 ቁጥር ሲጫን የሚሰማው “ቲት” አንድ ድምፅ ይመስላል። በውስጡ ግን ሁለት ድምፆች አሉ። አንደኛው በሴኮንድ 770 ጊዜ፣ ሁለተኛው 1336 ጊዜ የሚርገበገብ ነው። የቁልፎቹ አራት አግድም ረድፎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወፍራም ቃና አላቸው፤ 697፣ 770፣ 852 እና 941 ሄርዝ። ሦስቱ ቁልቁል ረድፎች ደግሞ ቀጠን ያሉትን 1209፣ 1336 እና 1477 ሄርዝ ይዘዋል። ማንኛውም ቁልፍ ሲጫን የአግድሙና የቁልቁሉ ቃና አብረው ይወጣሉ። ቤል የተባለው የአሜሪካ የስልክ ድርጅት ይህን አሠራር ለደንበኞቹ ያቀረበው በኅዳር 1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ “ለአማርኛ አንድን ይጫኑ” የሚሉ የድምፅ አገልግሎቶችም የሚሠሩት በእነዚሁ ጥንድ ቃናዎች ነው።

በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ግን ሁለት የተለያየ ነገር አይደለም። ሁለቱ ቃናዎች ተደምረው አንድ ወጣ ገባ የሚል መስመር ሆነዋል። በወረቀት ላይ ቢሣል 770 የቱ ጋ እንዳለ፣ 1336 የቱ ጋ እንዳለ በዓይን መለየት አይቻልም። ታዲያ በሌላኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ 5 መጫኑን በምን ያውቃል?

መልሱ የፉሪየር ትራንስፎርም ነው። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ከዚህ ስም ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በሲግናል ፕሮሰሲንግ ትምህርት ስላይድ ላይ፣ በዚህ ቀመር በኩል ነው፦

X(f) = ∫ x(t) e^(−i2πft) dt

ቀመሩ ትክክል ነው፤ አንድም የጎደለው ነገር የለም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኢንተግራሉ፣ ምናባዊ ቁጥሩ እና ኤክስፖኔንሺያሉ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ተማሪው ከጥያቄው በፊት መልሱን ይሸመድዳል። በቀመሩ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ ማባዛትና መደመር። ይህን ለማየት ስምንት ቁጥሮች ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ከመወዛወዙ ጋር እኩል እየተራመደ የሚገፋ ሰው፣ ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም እየተጠራቀመ ልጁን ከፍ ያደርገዋል። በሌላ ፍጥነት የሚገፋ ሰው ግን አንዴ ሲያግዝ አንዴ ሲቃወም ይውላል፤ ልፋቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። ፉሪየር ትራንስፎርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚያውቀውን ፍጥነት ይዞ ይገፋና የሚጠራቀም ነገር መኖሩን ያያል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አንድ ሞገድ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አንድ ዙር ሲያጠናቅቅ ስምንት ቦታ ላይ ቁመቱ ተለካ እንበል። ልኬቶቹ እነዚህ ናቸው፦

0፣ 0.7፣ 1፣ 0.7፣ 0፣ −0.7፣ −1፣ −0.7

በዚያው ጊዜ ሁለት ዙር የሚያጠናቅቀው ሞገድ ደግሞ እንዲህ ይለካል፦

0፣ 1፣ 0፣ −1፣ 0፣ 1፣ 0፣ −1

የመጀመሪያውን ሞገድ በራሱ፣ ቁጥር በቁጥር እናባዛው። አሉታዊው በአሉታዊ ሲባዛ አዎንታዊ ስለሚሆን አንድም ከዜሮ በታች የወረደ ውጤት አይገኝም። 0፣ 0.5፣ 1፣ 0.5፣ 0፣ 0.5፣ 1፣ 0.5 ይሆንና ድምሩ 4 ይመጣል። ቀጥሎ የመጀመሪያውን በሁለተኛው እናባዛ፤ 0፣ 0.7፣ 0፣ −0.7፣ 0፣ −0.7፣ 0፣ 0.7። ድምሩ ዜሮ ነው። ፍጥነታቸው የተለያየ በመሆኑ የተገኘው ሁሉ ተጣፋ።

ዋናው ፈተና ግን ሁለቱ ሞገዶች ሲደባለቁ ነው። ተደምረው እንዲህ ይሆናሉ፦

0፣ 1.7፣ 1፣ −0.3፣ 0፣ 0.3፣ −1፣ −1.7

ይህን ረድፍ ብቻ ያየ ሰው ከምን እንደተሠራ ሊገምት አይችልም። በባለ ሁለት ዙሩ ሞገድ እናባዛው፤ 0፣ 1.7፣ 0፣ 0.3፣ 0፣ 0.3፣ 0፣ 1.7። ድምሩ 4። በባለ አንድ ዙሩ ብናባዛውም እንዲሁ 4 አካባቢ ይመጣል፤ ትንሽ የምትጎድለው 0.707 የሚሆነውን 0.7 ብለን ስላሳጠርነው ነው። በድብልቁ ውስጥ በሌለው በባለ ሦስት ዙር ሞገድ፣ ማለትም በ0፣ 0.7፣ −1፣ 0.7፣ 0፣ −0.7፣ 1፣ −0.7 ብናባዛው ግን ውጤቱ ከዜሮ አይርቅም። ድብልቁ ራሱ ማን በውስጡ እንዳለ፣ ማን እንደሌለ፣ ያለውም ምን ያህል እንደሆነ ተናገረ። የአንደኛው ሞገድ ቁመት እጥፍ ቢሆን ኖሮ ድምሩም 8 ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ስላይዶች ዘለው የሚያልፉት እንቅፋት አለ። ሞገዱ ሁልጊዜ ከዜሮ ላይጀምር ይችላል። ያው ባለ አንድ ዙር ሞገድ ከጫፉ ቢጀምር ልኬቱ 1፣ 0.7፣ 0፣ −0.7፣ −1፣ −0.7፣ 0፣ 0.7 ይሆናል። ይህን ከዜሮ በሚጀምረው መፈተኛ ብናባዛው ድምሩ ዜሮ ይመጣል። ፍጥነቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፈተናው “የለም” አለ! ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ አንድ መፈተኛ አይበቃም፤ ከዜሮ የሚነሣው ሳይን እና ከጫፍ የሚነሣው ኮሳይን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሞገዱ በሁለቱ መካከል ከሆነ ቦታ ቢጀምር፣ ለምሳሌ ሁለቱም መፈተኛዎች 2.8 ገደማ ይሰጣሉ። የሁለቱ ስኩዌር ሲደመር 16፣ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ 4 ይሆናል። መነሻው የትም ይሁን የት 4ቱ አይለወጥም፤ የሁለቱ መፈተኛዎች ድርሻ ደግሞ ሞገዱ ከየት እንደጀመረ ይነግራል።

አሁን ቀመሩን መልሶ ማየት ይቻላል። x(t) የመጣው ድብልቅ ነው። e^(−i2πft) ሳይኑንና ኮሳይኑን በአንድ ላይ የያዘ ጥንድ መፈተኛ ነው፤ f የትኛው ድግግሞሽ እየተፈተነ እንዳለ ይናገራል። የኢንተግራሉ ምልክት ድምር ነው፤ ልኬቶቹ ስምንት መሆናቸው ቀርቶ ክፍተት በማይኖርበት መጠን ሲቀራረቡ መደመሩ ኢንተግራል ይባላል። ምናባዊው ቁጥር የመጣውም የሳይኑና የኮሳይኑ ውጤቶች ሳይቀላቀሉ አብረው እንዲጓዙ ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የዲጂታል ስልክ መስመር ድምፅን በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል። ቁልፍ ለዪው በተለመደው አሠራር 205 ያህል ተከታታይ ልኬቶችን ወስዶ ለእያንዳንዱ የታወቀ ቃና ያንኑ የማባዛትና የመደመር ፈተና ያካሂዳል። 205 ልኬት 25 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። ለምን ከዚያ አላጠረም? በ5 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 697 ሄርዝ ሦስት ዙር ተኩል፣ 770 ሄርዝ ደግሞ አራት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዙር ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግማሽ ዙር እንኳ ስለማይሞላ፣ አንዱን በሌላው ሲያባዙት የሚጣፋበት ጊዜ አያገኝም፤ ሁለቱም ፈተናዎች “አለ” ይላሉ። የሁለቱ ልዩነት 73 ሄርዝ ስለሆነ አንድ ሙሉ ዙር ለመለያየት 14 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈልጋሉ። ይህን ገደብ የተሻለ ኮምፒውተር አያነሣውም። የሚቀራረቡ ድግግሞሾችን መለየት የሚፈልግ ረዘም አድርጎ ማዳመጥ አለበት።

ረዘም ማለት ግን የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ደንበኛ 5 ከዚያም 9 ተጫነ እንበል፤ መሣሪያውም ሁለቱን ለይቶ ሳይቆርጥ ሙሉውን ቅጂ በአንድ ላይ ፈተነው። 5 ከ770 እና 1336፣ 9 ከ852 እና 1477 የተሠሩ ናቸውና አራቱም ቃናዎች ጎልተው ይወጣሉ። 6 ደግሞ ከ770 እና 1477፣ 8 ከ852 እና 1336 የተሠሩ ናቸው። አራቱ ቃናዎች ያው ራሳቸው ናቸው! የቃናዎቹን ጉልበት ብቻ ለሚመለከት 59፣ 95፣ 68 እና 86 አይለዩም። ትራንስፎርሙ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገራል፤ የቱ እንደቀደመ ግን በቃናዎቹ ቁመት ላይ አይታይም። ለዚህ ነው መሣሪያው ድምፁን በአጫጭር ቁራጮች እየቆረጠ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚፈትነው። የቁራጩ ርዝመት ቃናዎቹን ለመለየት የሚበቃ፣ ሁለት ቁልፎችን ግን የማያጠቃልል መሆን አለበት።

ሌላው ስሕተት ከሰው ድምፅ የሚመጣ ነው። በንግግር መካከል 770 እና 1336 አካባቢ ያለው ጉልበት ባጋጣሚ ሊበረታና መሣሪያው 5 የተጫነ ሊመስለው ይችላል። መለያው እዚያው ፈተናው ውስጥ ይገኛል። የሰው ድምፅ አንድ ድግግሞሽ ሲኖረው እጥፉም አብሮት ይመጣል፤ የቁልፍ ቃና ግን እጥፍ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መሣሪያው 1540 ሄርዝንም ይፈትናል፤ እዚያ ብዙ ጉልበት ካገኘ ቁልፍ ሳይሆን ንግግር ነው ብሎ ይተወዋል። የስልኩ ቃናዎች ሲመረጡ አንዳቸውም የሌላው ብዜት እንዳይሆኑ የተደረገው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው።

ሐሳቡን ያመነጨው ፈረንሳዊው ጆዜፍ ፉሪየር ስልክም ሲግናልም አያውቅም ነበር። ያጠናው ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ነው። ጽሑፉን በ1807 ለፓሪስ የሳይንስ ተቋም ሲያቀርብ ላግራንዥን የመሰለ ሊቅ አልተቀበለውም፤ መጽሐፉ የታተመው በ1822 ነው። በ1965 ኩሊ እና ተኪ ያሳተሙት ፈጣኑ ስሌትም ሌላ ትራንስፎርም አይደለም። ለ1024 ልኬቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ የነበረውን ማባዛት፣ የተደጋገመውን በማስቀረት ወደ አሥር ሺሕ አካባቢ አወረደው እንጂ ውጤቱ ያው ነው።

የሲግናል ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ስላይዳቸውን ሲያዘጋጁ ስምንቱን ቁጥሮች ከኢንተግራሉ ፊት ያስቀድሙ። ተማሪው ብዕር ይዞ ሦስቱን ፈተናዎች፣ ከዚያም ሞገዱ ከጫፍ ሲጀምር የሚመጣውን ዜሮ በእጁ ይሥራ። ይህ ሁሉ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ አይበልጥም፤ ቀመሩም ቀጥሎ ባለው ስላይድ ላይ መምጣት ይችላል።