«እሺ፣ ውጪ» ከተባለ በኋላ

በብዙ መሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ የሚፈቀደው በር ላይ ተቆሞ ነው። ሠራተኛዋ ለገና ወደ ቤተሰቦቿ መሄድ እንደምትፈልግ ትናገራለች። ኃላፊዋ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «እሺ፣ ውጪ፤ ሥራውን ብቻ በደንብ አስረክቢ» ይላታል። ቅጹ አንዳንዴ በዚያው ቀን ይሞላል፣ አንዳንዴ ደግሞ «ስትመለሺ ትሞያለሽ» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ክፉ ነገር አይከተልም። ጣጣው የሚመጣው «እሺ» ያለው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ፣ ወይም የሰው ሀብት ክፍሉ ከመገኘት መዝገብ ላይ ባዶ ቀናት አግኝቶ «እነዚህ ቀናት ምንድን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ላይ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይደነግጋል። ለሁለት ሳምንት ፈቃድ የወጣች ሠራተኛ ፈቃዷ በጽሑፍ ካልተገኘ፣ ቀሪ ሆና የምትመዘገብባቸው ቀናት ከአምስት በጣም ይበልጣሉ። ማስጠንቀቂያው ባይደርሳትም እንኳ ደመወዟ ሊቆረጥ ይችላል። ተፈቅዶልኝ ነው የሄድኩት ማለቷ እውነት ቢሆንም፣ በእጇ የምታሳየው ነገር ከሌላት ክርክሩ የእሷ ቃል ከሌላው ሰው ትዝታ ጋር ይሆናል።

(የማወራው ይህ አዋጅ ስለሚመለከታቸው፣ በተለይ በግል ድርጅት ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፤ የቀናቱ ቁጥርም ይለያል።)

እንግዲህ ጽሑፉን እንዴት ይጠይቁታል? ብዙ ሰው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አለቃ በቃሉ ፈቅዶ ሳለ «ፈርሙልኝ» ማለት አለማመን ይመስላል። እኔ የማውቀው የተሻለ መንገድ፣ ጥያቄውን ለራስ ሳይሆን ለፋይሉ ማድረግ ነው። በዚያው ቀን፣ ንግግሩ ሳይቀዘቅዝ፣ በኢሜይል እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንደተነጋገርነው ከሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 እስከ ቅዳሜ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን ሥራ እገባለሁ። ከፈቃዴ የሚቀነሰው 10 የሥራ ቀን ነው። በፋይሌ እንዲያያዝ መፍቀድዎን በዚሁ መልእክት ቢያረጋግጡልኝ፤ ለሰው ሀብት ክፍልም በግልባጭ አሳውቄያለሁ።»

አንድ ቃል መልስ፣ «ተፈቅዷል» የሚል፣ ይበቃል። መልእክቱ ውስጥ ግን አራት ነገሮች መጉደል የለባቸውም። የመጀመሪያው ቀን፣ የመጨረሻው ቀን፣ ሥራ የሚገባበት ቀን፣ የሚቀነሰው የቀን ብዛት። ብዙ የፈቃድ ወረቀት «ለሁለት ሳምንት» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ ስህተቱም የሚወለደው ከዚያ ነው። ወረቀት በሚጠቀም መሥሪያ ቤት ደግሞ ቅጹ ከተፈረመ በኋላ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ቀን ሲወጣለት አንድ ቅጂ መያዝ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። በቴሌግራም የተላከ «እሺ» ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ሰውየው ስልክ ሲቀይር ወይም መልእክቱን ሲያጠፋ አብሮ ስለሚሄድ፣ እሱን መነሻ አድርጎ ኢሜይል መጻፍ ይሻላል። ኃላፊው በመልእክቱ ላይ ዝም ካለ፣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ወስዶ መሄድ አደገኛ ነው። ከመውጫው ሦስት አራት ቀን ሲቀር ቅጹን ራስ ይዞ ገብቶ ማስፈረም ይቀላል።

አሁን ያንኑ ፈቃድ ይዘን ቁጥሩን እንየው። ሠራተኛዋ በድርጅቱ አምስት ዓመት ሞልቷታል እንበል። በአዋጁ አንቀጽ 77 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለተጨማሪ ሁለት ሁለት ዓመት አንድ አንድ የሥራ ቀን ይታከላል። ስለዚህ የዘንድሮው መብቷ 18 ቀን ነው። ካለፈው ዓመት ደግሞ ሥራ በዝቶ የተላለፈላት 4 ቀን አለ። በጠቅላላው 22 ቀን ይዛ ነው ፈቃድ የምትወጣው።

ድርጅቷ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራል። ከሰኞ ታኅሣሥ 27 እስከ ዓርብ ጥር 1 ባለው ሳምንት ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ የሕዝብ በዓል ስለሆነ አይቆጠርም። አራት ቀን ቀረ። ቅዳሜ ጥር 2 ግማሽ ቀን። በሁለተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ አምስት ቀን፣ ቅዳሜ ጥር 9 ግማሽ ቀን። እሑድ ጥር 10 የዕረፍት ቀን ነው፣ ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት። ድምሩ ልክ 10 ነው። ከ22 ላይ ሲነሳ ቀሪው 12 መሆን አለበት።

ሥራ ገብታ በሁለተኛው ሳምንት የሰው ሀብት ክፍሉን ስትጠይቅ ግን «11 ቀን አለሽ» ይሏታል። አንድ ቀን የት ሄደ? በዚህ ሁኔታ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ሁለቱ ቅዳሜዎች እንደ ሙሉ ቀን ተቆጥረዋል፣ ወይ ደግሞ ገና አልተነሳላትም። ሁለተኛው በተለይ የፈቃድ ሒሳብን በኮምፒውተር በሚይዙ ድርጅቶች ያጋጥማል። ሲስተሙ ከውጭ የመጣ ሆኖ የኢትዮጵያ በዓላት በየዓመቱ በእጅ ካልገቡለት፣ ረቡዕን ተራ ረቡዕ አድርጎ ይቆጥረዋል። የቀን አቆጣጠሩ ልዩነትም ሌላ ወጥመድ ነው። እሷ በእኛ አቆጣጠር የጻፈችውን ታኅሣሥ 27 መዝጋቢው ወደ ጃንዋሪ 5 ሲለውጥ በአንድ ቀን ከሳተ ሒሳቡ ይዛባል። ለዚህ ነው ሲስተሙ በፈረንጅ አቆጣጠር በሚሠራበት ድርጅት ሁለቱንም ቀን በጥያቄው ላይ ጎን ለጎን መጻፍ የሚበጀው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «12 ነው» የሚል መልስ ሲያገኝ ደስ ብሎት ይመለሳል። በእኔ እምነት ግን ከድምሩ ይልቅ መታየት ያለበት 10ሩ ቀን ከየትኛው ዓመት ላይ እንደተነሳ ነው። አዋጁ በአንቀጽ 79 ፈቃድ እንዲተላለፍ ቢፈቅድም ከሁለት ዓመት በላይ ማስተላለፍን ይከለክላል። ስለዚህ ያ ያለፈው ዓመት 4 ቀን ዕድሜ አለው። መዝጋቢው 4ቱን አስቀድሞ፣ ከዚያ 6 ቀን ከዘንድሮው ላይ ቢያነሳ፣ የቀራት 12 ቀን በሙሉ የዘንድሮ ይሆናል። አሥሩንም ከዘንድሮው 18 ላይ ቢያነሳ ደግሞ ከዘንድሮው 8፣ ከአምናው 4 ይቀራታል። ድምሩ በሁለቱም በኩል 12 ነው። በሁለተኛው አያያዝ ግን ጊዜው ሲያልፍ አራቱ ቀን ከመዝገቡ ሊሠረዝ ይችላል። ሠራተኛዋ ያንን የምታውቀው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ሌላ ፈቃድ ልትጠይቅ ስትሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሶ ማጣራት ይከብዳል።

ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ቀን ቀረኝ?» ሳይሆን «የፈቃድ ካርዴን ላየው እችላለሁ?» ቢሆን ይሻላል። ካርድ በሌለበት ከሲስተሙ የታተመውን ዝርዝር መጠየቅ ነው። አሠሪው ሠራተኛው የወሰደውን ፈቃድ የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ በአዋጁ ተጥሎበታል፤ ስለዚህ ጥያቄው ችሮታ መለመን አይደለም። ካርዱ ላይ የበጀት ዓመቱ፣ የተሰጠው ቀን፣ የተወሰደው ቀንና ቀሪው በየረድፉ መኖር አለበት። ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜው ደግሞ ሥራ ከተገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ቢሆን ጥሩ ነው። ያኔ የወሩ የመገኘት መዝገብ ተዘግቶ ይሆናል፤ መዝጋቢውም ጉዳዩን ገና አልረሳውም።

ፈቃዱ ላይ እያሉ ተጠርተው ለሥራ የገቡ ሰዎች በተለይ ካርዳቸውን ሊያዩ ይገባል። አዋጁ በፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ያልታሰበ ነገር ገጥሞ መገኘቱ ግድ ካልሆነ በስተቀር እንዳይጠራ ይከለክላል፤ ከተጠራም ያልተጠቀመበት ቀን መብት አይጠፋበትም። ይሁንና ይህ በራሱ አይመዘገብም። ካርዱ የሚያውቀው መጀመሪያ የተፈረመውን ወረቀት ብቻ ነው። ጥሪው በስልክ ከነበረ፣ ሐሙስና ዓርብ ሥራ ላይ እንደነበሩ ለኃላፊውና ለሰው ሀብት በዚያው ሳምንት ጽፎ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ የሚሄዱት መዝገቡን ወደሚይዘው ሰው ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ቅጂ ይዘው «ገና ሳይነሳ ቀርቶ ይሆን? እስቲ አብረን እንቁጠረው» ሲሉት፣ አብዛኛው መዝጋቢ እዚያው ያስተካክላል። ከተስተካከለ በኋላ አዲሱን ቀሪ በኢሜይል እንዲልክ ወይም በካርዱ ላይ እንዲፈርምበት መጠየቅ አይዘንጋ። እምቢ ካለ ለኃላፊው በጽሑፍ ማቅረብ፣ ቀጥሎም ለሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማመልከት ይቻላል። ነገሩን ማሳደር ግን አይገባም። በአዋጁ መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ጥያቄ በአጠቃላይ በአንድ ዓመት፣ የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ፈቃድ ተከልክሎ «ዘንድሮ ሥራ አለ፣ ለከርሞ ይዙሩልዎ» ሲባልም እንዲሁ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው። ስንት ቀን እንደተላለፈ፣ ከየትኛው ዓመት፣ በማን ፍላጎት የሚለው ይጻፍ። ምክንያቱም ሥራ በሚለቀቅበት ዕለት ያልተወሰደ ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። አሠሪው ሒሳቡን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት፤ የሚያሰላው ደግሞ ከዚያው ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ላይ አራቱ ቀን ከሌለ የማስተላለፊያው ደብዳቤ ቅጂ ያለው ሰው ያቀርበዋል፣ አራቱም ቀን ይታሰብለታል።