ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው 2016 የማን ዓመት ነው?

አዲስ አበባ፣ ወሰን አካባቢ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለ እንበል። ባለቤቱ ለአንድ የውጭ ድርጅት በርና መስኮት ለመሥራት ይጫረታል። ከሚጠየቃቸው ሰነዶች አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነ ሠራተኛ እንዳለው የሚያሳይ፣ ጊዜው ያላለፈበት ሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት አለው፤ ከነማኅተሙ ያስገባል። ከቀናት በኋላ «ጊዜው ስላለፈ አንቀበልም» የሚል መልስ ይመጣል።

ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን 15/06/2016 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2024። ሰነዱን ያየው የውጭ ሰው ግን ጁን 15 ቀን 2016 ብሎ አነበበው። ለእሱ ሰርተፍኬቱ የሚያገለግልበት ሁለት ዓመት ያለቀው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ወረቀቱ ላይ «ዓ.ም.» ቢባል ወይም የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ቢጻፍ ኖሮ ሥራው በዚህ አይሰናከልም ነበር። ስለዚህ ሰርተፍኬት ስትቀበሉ፣ ገና ከአሠልጣኙ ፊት ሳትነሡ፣ ሁለቱም ቀን እንዲጻፍ ጠይቁ።

ሁለት ዓመቱስ ከየት መጣ? በሰፊው የሚታወቀው ልማድ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ነው። የእሱ ካርድ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ሲሆን ጊዜው የሚያበቃው በሚታደስበት ወር መጨረሻ ነው። ከላይ ያለው ቀን በዚህ ካርድ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚያበቃው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2026፣ በእኛ የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ የሥራ ቦታ ዕርዳታ ሰጪዎች በየሦስት ዓመቱ ያድሳሉ። ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ የሚታየው ወረቀቱን የሰጠው አካል ያተመውና ሰነዱን የጠየቀው ድርጅት የሚቀበለው ነው።

እጅ ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ይረሳል። ደረትን በትክክል መጫን፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ በየጫናው ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ እየለቀቁ፣ ካልተለማመዱት በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻል። ሰው መጫኑን አይረሳም፤ ቀድሞ የሚጠፋው ጥልቀቱና ፍጥነቱ ነው። ዓመት ሳይሞላ በአሻንጉሊት ላይ ግማሽ ሰዓት መለማመድ፣ ሁለት ዓመት ጠብቆ ሙሉ ቀን ከመሠልጠን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የሥልጠናው ዓይነትም ይምታታል። «ቤዚክ ላይፍ ሰፖርት» የሚባለው ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀ ነው። ለበረኛ፣ ለበያጅ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት የሚሆነው «ሃርትሴቨር» የሚባለው ወይም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ነው። ማኅበሩ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ በ907 የሚጠራውን አምቡላንስም የሚያንቀሳቅስ ስለሆነ፣ ለአገር ውስጥ ሥራ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። የውጭ ድርጅት የአሜሪካውን ካርድ በስሙ ከጠየቀ ግን ሌላ አይተካውም። ያንን ካርድ የኮዱን ቁጥር ይዞ www.heart.org/cpr/mycards ላይ ማጣራት ይቻላል። ካርዱ በስልክ ቪዲዮ አይቶ ፈተና በመሙላት ብቻ አይገኝም፤ ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት መማር ቢቻልም እጅ በአሻንጉሊት ላይ መፈተን አለበት። አሻንጉሊት ሳያስነካችሁ ካርድ የሚሸጥ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ በጊዜው የመጀመሪያ ዕርዳታ እንዲሰጥ፣ በተስማሚ መጓጓዣም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም እንዲያደርስ ያስገድዳል። ስለ ሰርተፍኬት ዕድሜ አይናገርም። ባለ ወርክሾፑ ሰርተፍኬቱን የሚፈልገው ጨረታው ስለጠየቀው ነው፤ ዕርዳታ የመስጠት ግዴታው ግን ጨረታ ባይኖርም አለበት።

ይህ ግዴታ ደግሞ ከአንድ ሰርተፍኬት በላይ ይጠይቃል። የልብ ምት ከቆመ አንጎል በአራትና አምስት ደቂቃ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ ወሰን እስኪደርስ፣ ወይም ሰውየው በመኪና የካ ኮተቤ ሆስፒታል እስኪገባ፣ ያ ጊዜ አልፏል። በኤሌክትሪክ የተያዘ በያጅ አጠገብ መገኘት ያለበት የሠለጠነው ሰው ራሱ ነው። መጀመሪያ ቆጣሪውን ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰውየውን የሚነካው። ሠላሳ ጊዜ ደረት፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ፣ እያለ ይቀጥላል። የሠለጠነው አንድ ብቻ ከሆነና እሱ በፈረቃው ባይኖር፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰርተፍኬት ምንም አይሠራም።

የእኛ ባለ ወርክሾፕ ከቀን ፈረቃ አንድ፣ ከማታ ፈረቃ አንድ፣ ሌላም ተተኪ ለሥልጠና ይልካል። ሲመለሱ ስማቸው፣ የሥልጠናው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሚታደስበት ወርና 907 በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከቆጣሪው አጠገብ ይለጠፋል።