ከአዲስ አበባ ሰመራ፦ የውሃ ጥም ራስ ምታት

ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ያለው መንገድ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ተሳፋሪው በንጋቱ ብርድ ተነስቶ አዳማንና አዋሽን ካለፈ በኋላ የአፋር ሙቀት ይቀበለዋል። ብዙ ሰው ታዲያ «አውቶቡሱ ለሽንት አይቆምልኝም» ብሎ ከማታው ጀምሮ ውሃ አይቀምስም። በዚያ ላይ ንፋስ እንዳይመታ ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል። ላብ ሳይታወቅ ሲወጣ ይውልና ከሰዓት በኋላ ራስ መውቃት ይጀምራል።

ይህ ራስ ምታት ሲያጎነብሱ፣ አንገት ሲያዞሩ ወይም ሲራመዱ ይብሳል። አፍ ይደርቃል፤ ሽንት ያንሳል፣ ቢጫነቱም ይጠቁራል። ሽንቱ ነጣ ያለ ከሆነና ተሳፋሪው በየጠዋቱ ቡና የለመደ ከሆነ ግን ምክንያቱ ያልተጠጣው ቡና ሊሆን ይችላል። አንድ ስኒ ቡና ሰውነትን አያደርቅም፤ ለጉዞ ተብሎ መተው የለበትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምሳ ላይ ሲወርዱ ነው። አንድ ሊትር ሃይላንድ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጡታል። ሆድ ይነፋል፣ ያቅለሸልሻል፤ ከውሃውም ከፊሉ ቶሎ በሽንት ይወጣል። የሚሻለው ግማሽ ሊትሩን በግማሽ ሰዓት ውስጥ እየተጎነጩ መጨረስ፣ ከዚያም በየግማሽ ሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ያህል መጨመር ነው። ከላብ ጋር የወጣውን ጨው የምሳው ወጥ ይመልሰዋል። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ውሃን አይተካም።

ልብሱ በላብ የራሰ፣ ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሰው ግን ኦ አር ኤስ ያስፈልገዋል። በውስጡ ያለው ጥቂት ስኳር ጨውን በአንጀት ግድግዳ ያሳልፋል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይገባል። ከረጢቱ ላይ «ለአንድ ሊትር» ከተባለ ዱቄቱን በሙሉ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መጨመር አደገኛ ነው፤ ጨውነቱ እጥፍ ይሆናል። ከረጢቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

የሚያስታግስ ክኒን ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል። አይቡፕሮፌን ውሃ ያጣን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ በተለይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወባ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልጋል። ተሳፋሪው ሰውነቱ እየነደደ ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ደግሞ ሙቀት መቶታልና ረዳቱ አውቶቡሱን ያስቁም፤ ወደ ጥላ አውጥተው ልብሱን እያላሉ፣ ውሃ እያፈሰሱበትና እያራገቡለት በፍጥነት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጠውም።