ፍርድ ቤት ሳይደረስ የሚጀምር ኪሳራ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 መጀመሪያ ላይ ታዋቂው የአሜሪካ የመጫወቻ መደብር ቶይስ አር አስ ዕዳውን እንዴት እንደሚያስተካክል የሚያማክሩት ጠበቆች መቅጠሩ በዜና ተሰማ። ሱቆቹ ክፍት ነበሩ፤ ገዢም አልጠፋም። ሆኖም ኩባንያው በኋላ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ ወሬው በተሰማ በሳምንቱ 40 በመቶ የሚጠጉት አቅራቢዎቹ ገንዘቡን በእጃችን ሳናገኝ ዕቃ አንልክም አሉ። ጊዜው ደግሞ ለገና ገበያ መጋዘን የሚሞላበት ነበር። በዚያው ወር 18 ቀን ቶይስ አር አስ ቨርጂኒያ በሚገኝ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ጠየቀ።

ዕዳው የመጣው በ2005 ነው። ኬኬአር፣ ቤይን ካፒታልና ቮርናዶ ኩባንያውን በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ገዙት፤ አብዛኛውን ገንዘብ ያገኙት በብድር ሲሆን፣ ከፋዩ ራሱ የተገዛው ኩባንያ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በዓመት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለወለድ ይወጣ ነበር።

ይህን ያህል መበደር ምን ጥቅም አለው? አንዱ መልስ ግብር ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚያን ጊዜ ከኩባንያ ትርፍ 35 በመቶ ይወስድ ነበር፤ ወለድ ግን እንደ ወጪ ተቆጥሮ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ይቀነሳል። 100 ሚሊዮን ዶላር ያተረፈ ኩባንያ ዕዳ ከሌለበት 35 ሚሊዮን ለመንግሥት ከፍሎ 65 ሚሊዮን ለባለአክሲዮኖቹ ይተርፈዋል። 40 ሚሊዮን ወለድ ካለበት ግን ግብሩ የሚሰላው በቀረው 60 ሚሊዮን ላይ ስለሆነ 21 ሚሊዮን ብቻ ይከፍላል። አበዳሪዎችና ባለአክሲዮኖች በአንድነት 79 ሚሊዮን ይደርሳቸዋል። ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና መርተን ሚለር ይህንን የግብር ጥቅም በ1963 ሲያሳዩ ስሌቱ ወደ አንድ እንግዳ መደምደሚያ ይወስድ ነበር፤ በብድር ብቻ መሥራት ይሻላል ማለት ነው።

እንዲህ የሚያደርግ ኩባንያ ግን አይታይም። በ1973 አለን ክራውስና ሮበርት ሊትዘንበርገር የመክሰርን ወጪ ወደ ስሌቱ አስገቡ። ዕዳ በጨመረ ቁጥር የግብር ጥቅሙ ያድጋል፤ የመክሰር ዕድሉም አብሮ ያድጋል። ስለዚህ መበደር የሚገባው የመጨረሻው ብር የሚያስገኘው የግብር ቅናሽ፣ የመክሰር ዕድልን ከፍ በማድረግ ከሚያስከትለው ጉዳት ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ነው። ይህ የማመዛዘን ንድፈ ሐሳብ ይባላል።

ክርክሩ ያለው ጉዳቱ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ነው። ጄሮልድ ዋርነር በ1977 የከሰሩ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎችን ሲመረምር የጠበቆችና የፍርድ ቤት ወጪው ከኩባንያው ዋጋ ጥቂት በመቶ ብቻ ሆኖ አገኘው። በዚህ ብቻ ከተሄደ የግብሩ ጥቅም እጅግ ይበልጣል። ትልቁ ጉዳት ግን በደረሰኝ የሚመዘገብ አይደለም። አቅራቢ ዱቤ ይከለክላል፣ ጥሩ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ሱቅ ሊታደስበት የሚገባው ገንዘብ ለወለድ ይሄዳል። ግሪጎር አንድራዴና ስቲቨን ካፕላን በ1998 ልክ እንደ ቶይስ አር አስ በከባድ ብድር የተገዙ ድርጅቶችን አጥንተው ይህን ሁሉ ጉዳት ከኩባንያው ዋጋ ከ10 እስከ 20 በመቶ ገምተውታል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ትርፍ ከሌለ የሚቀነስ ግብርም የለም፤ ኩባንያው በኪሳራ ዓመታት ወለዱን ሲከፍል ጥቅሙ ሊዘገይበት ወይም ሊያመልጠው ይችላል።

በ1984 ስቱዋርት ማየርስ፣ ከኒኮላስ ማጅሉፍ ጋርም ሆኖ፣ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ አየው። ሥራ አስኪያጆች ስለ ኩባንያቸው ከገበያው የተሻለ ያውቃሉ። አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ሲወጡ ገዢው «ዋጋው ከሚገባው በላይ ስለሆነ ነው የሚሸጡት» ብሎ ይጠረጥራል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ያጠራቀሙትን ትርፍ ይጠቀማሉ፣ ሳይበቃ ሲቀር ይበደራሉ፣ አክሲዮን የመጨረሻ አማራጭ ይሆናል። በዚህ የቅደም ተከተል አስተሳሰብ የታለመ የዕዳ መጠን የለም፤ ዕዳ ትርፉ ያልሸፈነው የኢንቨስትመንት ወጪ ክምችት ነው።

ሁለቱ በግልጽ የሚለያዩት ብዙ በሚያተርፍ ኩባንያ ላይ ነው። በማመዛዘኑ ሐሳብ ግብሩ ስለሚበዛበትና የመክሰር ዕድሉ ስለሚያንስ አብዝቶ ሊበደር ይገባል፤ በቅደም ተከተሉ ግን ብድር አያስፈልገውም። በተግባር በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ ማይክሮሶፍት እስከ 2009 ድረስ የረጅም ጊዜ ዕዳ አልነበረበትም። እርግጥ የማመዛዘን ደጋፊዎች የሶፍትዌር ኩባንያ ሀብት በሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ሲከስር ከሌላው የበለጠ ይጠፋል ይላሉ፤ ክርክሩ ክብደት አለው። የቅደም ተከተሉም ድክመት ቀላል አይደለም። በማደግ ላይ ያሉ ወጣት ኩባንያዎች ስለ እነሱ ከውጭ የሚታወቀው ጥቂት ሆኖ ሳለ አክሲዮን ደጋግመው ይሸጣሉ።

ለቶይስ አር አስ ግን የሚሠራው የማመዛዘኑ ሐሳብ ይመስለኛል። የ2005ቱ ብድር ለአዲስ ሥራ ገንዘብ ስላጠረ አልመጣም፤ ለቀድሞ ባለአክሲዮኖች ለመክፈል የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አያስረዳውም። የ2017ቱ የገና ገበያ ከታሰበው በታች ሆኖ ሲያልፍ አበዳሪዎች መጠበቁን ተዉት፤ በማርች 2018 የአሜሪካ ሱቆቹ በሙሉ እንደሚዘጉ ተነገረ፣ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ሥራቸውን አጡ።