ሦስት ወር ሳይነበብ የቆየ ቆጣሪ

የመብራት ሂሳብ ድንገት ሲንር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ምጣዱን ወይም የውሃ ማሞቂያውን ነው። ቤቱ ግን እንደወትሮው እየተጠቀመ ሂሳቡ ብቻ ሊያሻቅብ ይችላል። ምክንያቱን ለማግኘት ቢሉ ላይ ካለው የብር ድምር በፊት ሁለት ቁጥሮችን መፈለግ ያስፈልጋል፤ የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ። የሁለቱ ልዩነት የወሩ ፍጆታ ነው፤ የሚለካውም በኪሎዋት ሰዓት ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን በስልክ ስለምንከፍል የምናየው የብሩን መጠን ብቻ ነው፤ ሁለቱ ንባቦች ከዓይናችን ርቀዋል። ይህ ተጠቃሚውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ።

ፍጆታው ከታወቀ በኋላ ታሪፉ ይመጣል። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው ሲሆን፣ ዋጋውም ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በላይ ባሉት እርከኖች የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል። ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ሂሳቡ የሚከብደውም በዚሁ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ቢቆጠር ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቀር ነበር፤ ፍጆታቸው ሲደመር ግን ሁሉም ከፍተኛው ላይ ይወጣሉ።

እርከኑ በእርስዎ ሂሳብ ላይ እንዴት እንደሚሰላ ማወቅም ተገቢ ነው። አንደኛው መንገድ ትርፉን ብቻ በሚቀጥለው እርከን ዋጋ ማስላት ነው። ሌላው ደግሞ ፍጆታው የደረሰበት እርከን ዋጋ ለጠቅላላው ፍጆታ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ለመለየት ቋሚውን የአገልግሎት ክፍያና ሌሎች ተጨማሪዎችን ይቀንሱና የፍጆታውን ሂሳብ ለኪሎዋት ሰዓቱ ያካፍሉ። ውጤቱ ከደረሱበት እርከን ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ የተሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው። ከዚያ ካነሰ እርከን በእርከን ተሰልቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግምት እንምጣ። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በሩ ተዘግቶ ካገኘው፣ ወይም ጭራሽ ካልመጣ፣ ፍጆታው በግምት ሊሞላ ይችላል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቤት እንውሰድ። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲቀሉ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያው 50 በ1 ብር፣ ቀጣዩ 50 በ2 ብር፣ ከዚያ እስከ 200 በ4 ብር፣ ከ200 በላይ ያለው በ5 ብር።

ቤቱ በየወሩ 100 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። መስከረም ላይ ቆጣሪው በትክክል ሲነበብ 4310 ነበር። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን በየወሩ 60 ተብሎ ተገመተ፤ ቢሉም 4370፣ 4430፣ 4490 እያለ መጣ። ቤተሰቡ በየወሩ 70 ብር ከፈለ፤ ሂሳቡ በመቅለሉም ማንም አልጠየቀም። ጥር ላይ አንባቢው ቆጣሪውን ሲያየው 4710 ይላል። ስለዚህ የጥር ፍጆታ ተብሎ የተጻፈው 220 ነው። እርከን በእርከን ሲሰላ 50፣ 100፣ 400 እና 100 ብር ይሆናል፤ በድምሩ 650 ብር።

በአራቱ ወራት የተከፈለው 860 ብር ነው። ቆጣሪው በየወሩ ቢነበብ ኖሮ ግን ወርሃዊ ሂሳቡ 150 ብር፣ ድምሩም 600 ብር ይሆን ነበር። የተጠቀሙት ያው 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 260 ብሩን ያመጣው የሦስት ወር ትርፍ በአንድ ወር ላይ ተከምሮ ከፍተኛ እርከን ውስጥ መግባቱ ነው። ሙሉው ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ ቢታሰብማ ልዩነቱ 660 ብር ይደርሳል።

ግምትን ለመለየት ቢሉን ይዘው ወደ ቆጣሪው ይሂዱ። በየወሩ አንድ ዓይነት ፍጆታ መጻፉ ዋናው ምልክት ነው። ቢሉ ላይ ያለው የአሁን ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ከሚያሳየው ከበለጠ ከቆጣሪው ያልተወሰደ ቁጥር ነው፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ አይቆጥርምና። የአሮጌው ዓይነት ቆጣሪ ላይ በቀይ የተለየችውን የመጨረሻ አሃዝ አይቁጠሩ፤ እሷ አስረኛ ክፍልፋይ ናት። ዲጂታሉ ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ ስለሚፈራረቁ kWh የሚለው እስኪመጣ ይጠብቁ።

አገልግሎት መስጫው ጋ ሲሄዱ «ሂሳቡ በዛብኝ» ከማለት ይልቅ ጥያቄውን በቁጥር ያቅርቡ፤ «ከመስከረም 4310 እስከ ጥር 4710 ያለው 400 ኪሎዋት ሰዓት ለአራቱ ወራት ተከፋፍሎ በየወሩ እርከን እንደገና ይሰላልኝ» ይበሉ። የቆጣሪው ቁጥርና ንባቡ አብረው የሚታዩበት ፎቶ ይያዙ፤ በግምት የመጡትንም ቢሎች ይጨምሩ።