ስሙ ያልታወቀን ዘፈን በኮርዶቹ መለየት

በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ ከተማ በሰርግ ላይ የሚያጅብ የኪቦርድ ተጫዋች ያልተለማመደውን ዘፈን እንዲጫወት ሲጠየቅ በእጁ የሚኖረው አንዳንድ ጊዜ በስልክ የተቀዳ አጭር ድምፅ ብቻ ነው። የዘፈኑም የዘፋኙም ስም ካልታወቀ ፍለጋው ይከብዳል፤ በግምት ከጀመረ ደግሞ ዘፋኙን ከዜማው ያስወጣዋል። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ኮርዶቹን በጆሮ ለይቶ፣ ቅደም ተከተላቸውን በቁጥር ጽፎ ከኮርድ መዝገብ ጋር ማመሳከር ነው።

ኮርድ የሚባለው ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲሰሙ ነው። ለምሳሌ ዶ፣ ሚ እና ሶል በአንድነት ሲመቱ ዶ ሜጀር ይሆናሉ። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ኮርድ አይሰጥም፤ ኮርዱን የሚጨምረው አብሮት የሚጫወተው ኪቦርድ ወይም ጊታር ነው።

ከማረፊያው ይጀመራል

አዳማጩ መጀመሪያ የሚፈልገው ዜማው ሲያበቃ የሚያርፍበትን ድምፅ ነው። ዘፈኑ በድንገት ቢቋረጥ ጆሮ የሚጠብቀው ይህንኑ ድምፅ ነው። እርሱን አጉረምርሞ በኪቦርድ ላይ ካገኘ በኋላ ቁጥር 1 ብሎ ይሰይመዋል።

ቀጥሎ ዜማውን ትቶ ወፍራሙን የባስ ድምፅ ይከተላል። ባሱ ቦታ በለወጠ ቁጥር ኮርዱም የመለወጡ ዕድል ከፍተኛ ነው። እያንዳንዱን ለውጥ ከማረፊያው ጀምሮ ቆጥሮ ይጽፋል፤ ማረፊያው ዶ ከሆነ ፋ 4፣ ሶል 5፣ ላ ደግሞ 6 ይሆናል። በመጨረሻም ኮርዱን በሜጀርና በማይነር ሞክሮ ከቅጂው ጋር የሚስማማውን ይይዛል።

በቁጥር መጻፍ የሚያስፈልገው ዘፋኞች ለድምፃቸው በሚስማማ ከፍታ ስለሚዘፍኑ ነው። ያው ዘፈን ከዶም ከሬም ቢነሣ ቁጥሮቹ አይለወጡም።

አንድ ምሳሌ

አዳማጩ ዶ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር፣ ላ ማይነር እና ፋ ሜጀር በተከታታይ ሰማ እንበል። ይህ በቁጥር 1፣ 5፣ 6፣ 4 ይሆናል። ሁክቲዮሪ (hooktheory.com) በተባለው ድረ ገጽ ኮርዶችን በተርታ መርጦ፣ ያንኑ ቅደም ተከተል የያዙ ዘፈኖችን ማግኘት ይቻላል።

ሆኖም መልሱ አንድ ዘፈን አይሆንም። የቦብ ማርሌይ «ኖ ውማን ኖ ክራይ» እና የቢትልስ «ሌት ኢት ቢ» ሁለቱም በእነዚህ አራት ኮርዶች ይጀምራሉ። የሚለያቸው ባሱ ነው፤ በማርሌይ ዘፈን ባሱ ከዶ ወደ ሲ፣ ከዚያም ወደ ላ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ፣ በሌላው ግን ከዶ ወደ ሶል ይዘላል። ስለዚህ መዝገቡ እጩዎቹን ያሳጥራል፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ባሱ፣ ምቱና ዜማው ናቸው።

ቅኝት ሲመጣ

በአገራችን ዘፈኖች ላይ ኮርድ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት የተባሉትን ድምፆች ይይዛል። ከእነዚህ አምስት ድምፆች ሁለት የተሟሉ ኮርዶች ይወጣሉ፦ ፋ ማይነር እና ሬ ፍላት ሜጀር።

ትዝታ ማይነር ከፋ ሲነሣ ድምፆቹ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ እና ሬ ፍላት ናቸው። ድምፆቹም ሆኑ ኮርዶቹ ከአምባሰሉ ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ላይ ነው፤ አምባሰሉ በዶ፣ ትዝታው በፋ ያርፋል። ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ ድምፅ ይጋራሉ፤ ከዶ የተነሣ ባቲ ማይነር ከሚ ፍላት ከተነሣ ትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሉት።

ማረፊያውን ያልለየ ተጫዋች አምባሰሉን ትዝታ ብሎ ይመዘግባል። ስሕተቱ የሚታወቀው በስንኙ መጨረሻ ነው፤ ዘፋኙ ዶ ላይ ሲያርፍ ኪቦርዱ ፋን ማረፊያ አድርጎ ከዘጋ ዜማው ሳያልቅ የቆመ ይመስላል።

የራስ መዝገብ

የውጭ መዝገቦች በአብዛኛው የምዕራባውያን ዘፈኖችን የያዙ ናቸው። በዋግ ኽምራ በኽምጣናና በአማርኛ የሚዘፈኑትን ለማግኘት ተጫዋቹ የራሱን ደብተር ማዘጋጀት ይኖርበታል። ለእያንዳንዱ ዘፈን አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ስም፣ ቅኝት፣ ማረፊያ ድምፅ፣ የኮርድ ቁጥሮች እና ምት። ማሲንቆ ብቻ ያለበት ዘፈን ከሆነ የኮርዱ ዓምድ ባዶ ቀርቶ በቅኝቱና በማረፊያው ይፈለጋል። አዲስ ዘፈን ሲሰማ በመጀመሪያ ቅኝቱንና ማረፊያውን፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹን ያመሳክራል፤ የቀሩትን ጥቂት እጩዎች ደግሞ ከቅጂው ጋር አብሮ በመጫወት ይለያቸዋል።