ለንግድ ድርድር የሚላክ የግብዣ ኢሜይል

የውጭ አገር ሸሪኩን ለንግድ ድርድር የሚጠራ ድርጅት የሚልከውን ኢሜይል ሁለት ሰው ያነበዋል። አንዱ ተጋባዡ ነጋዴ ነው። ሌላው ላኪውንም ተቀባዩንም የማያውቀው፣ ያለ ወረቀቱ ሌላ ማስረጃ የሌለው የኤምባሲ ቪዛ መርማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው፣ ደብዳቤው ለመጀመሪያው አንባቢ ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ነው።

ቻይና ለንግድ ለሚመጣ እንግዳ የምትሰጠው ቪዛ «ኤም» ይባላል። የቻይና ኤምባሲዎች ለዚህ ቪዛ የሚቀርበው የግብዣ ደብዳቤ የተጋባዡን ሙሉ ስም፣ ጾታና የትውልድ ቀን እንዲይዝ ይጠይቃሉ። የጉዞው ዓላማ፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የሚጎበኘው ቦታ፣ ተጋባዡ ከጋባዡ ጋር ያለው ግንኙነትና ወጪውን የሚሸፍነው ወገንም መገለጽ አለባቸው። በመጨረሻ የጋባዡ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ማኅተምና ፊርማ ይከተላሉ።

በጓንዶንግ ግዛት ፎሻን ከተማ ያለ የሴራሚክ ፋብሪካ ከአዲስ አበባ አንድ አስመጪ ጋበዘ እንበል። ፎሻን በሴራሚክ ምርት የታወቀች ከተማ ናት። የፋብሪካው የሽያጭ ሠራተኛ ደንበኛውን የሚያውቀው በስልክ መልእክት በሚጠራበት አጭር ስም ነው፤ እሱንም እንደሰማው ይጽፈዋል። የአማርኛ ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከአንድ በላይ መልክ አለው፤ «ዮሐንስ» በአንድ «ን» ወይም በሁለት ሊጻፍ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለይ፣ መርማሪው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ፋብሪካው መጀመሪያ የፓስፖርቱን የመረጃ ገጽ ቅጂ ይጠይቃል፤ ስሙንም ከዚያ በቅደም ተከተሉ ይገለብጣል።

የትውልድ ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። መስከረም 1 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ነው። ዘመን መለወጫ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይመስለውና በቃሉ የሚነግር ሰው በአንድ ቀን ይስታል። ቀኑ በቁጥር ብቻ 12/9 ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ዲሴምበር 9 ብሎ የሚያነበው አይጠፋም፤ ወሩን በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ዓላማው ላይ ብዙ ደብዳቤዎች ይደክማሉ። «ለጉብኝትና ለትብብር» የሚል ሐረግ ምንም አይናገርም። የፎሻኑ ፋብሪካ ግን እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «አስመጪው ከኤፕሪል 20 እስከ 29 ድረስ ወደ ፎሻንና ጓንዡ ይመጣል። በፕሮፎርማ ኢንቮይሳችን የተዘረዘረውን የወለል ሴራሚክ ናሙና ያያል፣ በዋጋና በማስረከቢያ ጊዜ ይደራደራል፣ ከተስማማን ውል ይፈርማል። የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪውን ራሱ ይሸፍናል።» የፕሮፎርማው ቁጥርና ቀን ቢጨመር የበለጠ ይጠቅማል፤ ቅጂው ከማመልከቻው ጋር ከተያያዘ መርማሪው ሁለቱን አስተያይቶ ሊያረጋግጥ ይችላልና። ጓንዡ የተጠቀሰችው እንግዳው በዚያው ጉዞ የካንቶንን የንግድ ትርዒት ሊያይ ስላሰበ ነው። ትርዒቱ ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበልግ ይከፈታል። ከተማዋ በደብዳቤው ሳትጠቀስ በሆቴል ማስያዣው ላይ ብቻ ብትገኝ ጥያቄ ታስነሣለች። ወጪውም እንዲሁ ነው፤ ጋባዡ «ሁሉን እንሸፍናለን» ካለ በኋላ ተጋባዡ ሆቴሉን በራሱ ገንዘብ የያዘበትን ደረሰኝ ቢያቀርብ ሁለቱ ወረቀቶች ይጣላሉ።

ኢሜይሉ ራሱ አጭር ቢሆን ይበቃል፦ ሰላምታ፣ የጉዞው ቀን፣ የተያያዙት ሰነዶች ዝርዝር፣ ጥያቄ ቢኖር የሚደወልለት ሰው ስም። ዋናው ደብዳቤ የድርጅቱ ስምና አድራሻ ባለበት ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ተፈርሞና የቻይና ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ቀይ ክብ ማኅተም አርፎበት በፒዲኤፍ ይያያዛል፤ በኢሜይሉ ገላ ላይ ብቻ የተጻፈ ግብዣ ፊርማም ማኅተምም የለውም። የድርጅቱ የንግድ ፈቃድ ቅጂም አብሮ ቢላክ ጥሩ ነው። ኤምባሲው ሊደውል ስለሚችል፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ የሚያነሣው ሰው ስለ እንግዳው ማወቅ አለበት።

የቻይና የመግቢያና መውጫ ሕግ ጋባዡን ለደብዳቤው እውነተኛነት ተጠያቂ ያደርገዋል። ሕጉን ጥሶ ለውጭ ዜጋ የግብዣ ደብዳቤ የሰጠ ድርጅት ከ10,000 እስከ 50,000 ዩዋን ይቀጣል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ፋብሪካ ፓስፖርት ሳያይና ስለ ንግዱ ሳይጠይቅ ደብዳቤ አይጽፍም። ምንም ሳይጠይቅ፣ ገንዘብ ተከፍሎት ብቻ ደብዳቤ እልካለሁ ከሚል ሰው መራቅ ይገባል።